እውነት ወይስ ተረት? «ሲከብድ ነው ጥሩ ጋቢ»

ሰቆጣ ገበያ ላይ ጋቢ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አለ፦ በክንዱ አንሥቶ ይመዝነዋል። ከከበደው ይገዛል። የዋግ ደጋ ብርድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ከንቱ ልማድ አይደለም። ነገር ግን ክብደት ብቻውን ያታልላል። ልብሱ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ሲላክ ደግሞ ተቀባዩ በክንዱ ሊመዝነው ስለማይችል ማታለሉ ይብሳል።

ሁለት ጋቢ እንውሰድ። አንዱ 2.5 ሜትር በ1.6 ሜትር ነው፤ 1,600 ግራም ይመዝናል። ሌላው 2.2 በ1.5 ሆኖ 1,485 ግራም ነው። በክንድ የመጀመሪያው ይከብዳል። ክብደቱን ለስፋቱ ስናካፍለው ግን የመጀመሪያው በካሬ ሜትር 400 ግራም፣ ሁለተኛው 450 ግራም ይወጣዋል። ስለዚህ ወፍራሙ፣ ብርድ የሚከላከለው፣ ያ ቀላል የመሰለው ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነም የመጀመሪያው የአንዱ እጥፍ ክብደት 100 ግራም ብቻ ነው። አንዱ ሻጭ «400 ግራም» ብሎ ሲጽፍ ሌላው ያንኑ ጨርቅ «100 ግራም» ሊለው ይችላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። እጥፉ ካልተጠቀሰ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ነጠላ እንኳ ስሙ ነጠላ ይሁን እንጂ ሁለት እጥፍ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሸማኔው ድሩ እንዳይበጠስበት በዱቄት ሙቅ ነክሮት ከሆነ ያ ሙቅ አብሮ ይመዘናል። አዲሱ ጨርቅ ደረቅ ብሎ ከተንኮሻኮሸና ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ከለሰለሰ፣ የጠፋው ክብደት ጥጥ አልነበረም። እውነተኛው ሚዛን ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የሚገኘው ነው።

«ጥበብ ማለት ጥልፍ ነው» የሚለውም ተረት ነው። ጥበብ ጨርቁ ሲሠራ ከማጉ ጋር እየገባ አብሮ የሚሸመን ነው፤ ጥልፍ ግን ካለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ ወይም በመኪና ይጨመራል። ልብሱን ገልብጡት። ክሩ ከማጉ ጋር ትይዩ ሆኖ ከዳር ዳር ከሄደ ጥበብ ነው። ቋጠሮ ካለ፣ ክሩ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ከዘለለ ወይም ከጀርባው ማጠንከሪያ ጨርቅ ከተለጠፈ ጥልፍ ነው። ሁለቱም ያምራሉ፤ ዋጋቸውና አጠባቸው ግን አንድ አይደለም።

ብዙ ቀሚስ የሚበላሸው «ልኬ ይኸው ነው፣ በልኬ ይሰፋልኝ» በሚለው ላይ ነው። ድሩ በሸማ ዕቃው ላይ ተወጥሮ ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ውጥረቱ ይላላና ጨርቁ ያጥራል። ስንት እንደሚያጥር ለማወቅ ከዚያው ጨርቅ ላይ በድሩም በማጉም አቅጣጫ 50 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጋችሁ እጠቡትና ሲደርቅ ለኩት። በድሩ 47፣ በማጉ 48.5 ከሆነ መጥበቡ 6 እና 3 በመቶ ነው። ቁመቱ 135 ሆኖ በድሩ በኩል የሚቆረጥ ቀሚስ 135ን ለ0.94 በማካፈል 144 ሳንቲ ሜትር ሊቆረጥ ይገባል ማለት ነው። ደረቷ 90 ለሆነች ሴት 10 መላወሻ ተጨምሮ 100 ይሆናል፤ በማጉ በኩል መጥበቡ ሲታሰብ 103። ስፌቱ የሚበላው ከዚህ ውጭ ነው። መላወሻውንና የመጥበቢያውን ትርፍ አንድ አድርጎ የሚቆጥር ልብስ ሰፊ፣ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ክንዷን የማታነሣበት ቀሚስ ይሰጣታል። ጥበቡ ከጥጥ ባልሆነ ክር ከተሠራ ደግሞ ጥጡ ሲያጥር እሱ አያጥርም፤ ዳሩ ይሸበሸባል። ከመሸብሸብ ትርፍ መተው አያድነውም፤ የሚያድነው ጨርቁን ሳይቆረጥ ማጠብ ብቻ ነው።

«በረኪና ያነጣዋል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ያነጣል፤ ግን የጥጡን ክር ያደክማል፣ የጥበቡንም ቀለም ያጠፋል። አያቶቻችን እንዶድ ነበራቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እንደ ፈረንጆቹ) የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣን የሚገድል መሆኑን የደረሱበት፣ ዐድዋ ውስጥ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ ከታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው። እንዶድ ከሌለ ለስላሳ ሳሙናና ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን እርጥብ ነጭ ጨርቅ በቀዩ ጥበብ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ ቀለም ከነካው ለብቻው ይታጠባል። ጋቢን አትጠምዝዙት፤ ውሃ የጠጣ ጋቢ በአንድ ገመድ ከተሰቀለም ይለጠጣል፣ በሁለት ገመድ ላይ ይዘርጋ።

ሻደይ ነሐሴ 16 ይገባል፤ ያኔ ዋግ ክረምት ነው፣ ጨርቅም ቶሎ አይደርቅም። ለልጆቻችሁ ቀሚስ የምታሰፉ ጨርቁን ከሐምሌ በፊት ግዙ፤ ታጥቦና ደርቆ ሳይለካ መቀስ አይንካው።