የቪዛው ዝርዝር በፎቶ ሲመጣ፦ እናትን ከየጁቤ ፍራንክፈርት ለማድረስ

ፎቶው በቴሌግራም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። ፍራንክፈርት የምትኖር እህት ከጓደኛዋ ያገኘችውን የኤምባሲ ወረቀት በስልኳ አንስታ አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ ትልካለች። «ሚያዝያ ላይ እወልዳለሁ። እማዬ አጠገቤ ብትሆን ደስ ይለኛል። ይህን አሟላላት» ይላል መልእክቱ። እናት ያሉት ምሥራቅ ጎጃም፣ የጁቤ ነው። ፎቶው ላይ «15 ቀን» የሚል ቁጥር አለ። ወንድምም ገና ብዙ ጊዜ እንዳለ ያስባል።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ በየሰፈሩ ስላለ፣ እነዚህን እናት እንደ ምሳሌ ይዘን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እንመልከተው።

በመጀመሪያ ፎቶውን ያንብቡ

ወረቀት በስልክ ሲነሳ የሚቆረጠው ጠርዙ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለውም እዚያው ነው። ከላይ ያለው ርዕስ ዝርዝሩ ለማን እንደሆነ ይነግራል። ለቤተሰብ ጥየቃ የሚጠየቀው ለጉብኝት ወይም ለሥራ ከሚጠየቀው ይለያል፤ ጠቅልሎ ለመኖር የሚሄድ ሰው ዝርዝር ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። ከግርጌ የታተመበት ቀን ይገኛል። ወረቀቱ የወጣው ናይሮቢ ካለው ኤምባሲ ከሆነም አዲስ አበባ ላይ አያገለግልም። ከእነዚህ አንዱ ፎቶው ላይ ካልታየ ወይም የጀርባው ገጽ ከቀረ፣ ወረቀት መሰብሰብ ከመጀመርዎ በፊት የዛሬውን ዝርዝር ከኤምባሲው ድረ ገጽ ያውርዱ።

የዋጋውም ነገር እንዲሁ ነው። ፎቶው ላይ የቪዛው ክፍያ 80 ዩሮ ከሆነ ወረቀቱ ያረጀ ነው። ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአዋቂ ሰው የሼንገን ቪዛ 90 ዩሮ ሆኗል።

15 ቀን የሚለው ለእኛ አይሠራም

በሼንገን ሕግ አንድ ማመልከቻ በመደበኛው በ15 ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ የተለየ እርምጃ ወስኗል። ምክንያቱ፣ ኅብረቱ እንደሚለው፣ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ለመመለስ ከመንግሥት የሚያገኘው ትብብር በቂ አለመሆኑ ነው። በዚህ ውሳኔ መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። የሥራ ቀን ሳይሆን ቅዳሜና እሑድም የሚቆጠሩበት 45 ቀን ነው። በተጨማሪም ኤምባሲዎች ለአመልካቹ አንዳንድ ሰነዶችን መተው አይችሉም፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጡም። ስለዚህ እናት ከሼንገን አገሮች ወጥተው፣ ለምሳሌ ለንደን ያለች ዘመድ ጠይቀው፣ ተመልሰው መግባት አይችሉም።

እህት እናቷ ስድስት ወር እንዲቆዩላት ብትመኝም ይህ ቪዛ ከ90 ቀን በላይ አይሰጥም። የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል።

ከየጁቤ የሚመጣው፣ ከፍራንክፈርት የሚመጣው

ከፍራንክፈርት የሚጠበቀው ትልቁ ሰነድ ጀርመኖቹ «ፌርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ» የሚሉት የግዴታ መግለጫ ነው። እህት በምትኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገቢዋን አሳይታ፣ የእናቷን ወጪ ልትሸፍን ትፈርማለች። ክፍያው 29 ዩሮ ነው። በስልክ የተላከ ፎቶ አይበቃም፤ ዋናው ወረቀት ኢትዮጵያ መድረስ አለበት። ማመልከቻው ሲገባ ከስድስት ወር በላይ የቆየ መሆን ስለሌለበት ከመጠን በላይ ቀድሞ ማስፈረምም አይጠቅምም።

ከየጁቤ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። የእኛ አጠራር የአባት ስም ስለሆነ በእናትና በልጅ ፓስፖርት ላይ አንድም የጋራ ስም አይኖርም። ማመልከቻውን ለሚመረምረው አውሮፓዊ እነዚህ ሁለት ሴቶች ባዕድ ናቸው። የሚያገናኛቸው የእናትን ሙሉ ስም የያዘው የእህት የልደት የምስክር ወረቀት ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላው አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ወረቀቱን የሚያወጣው ዘግይቶ ነው። እዚያ ላይ የእናት ስም ከፓስፖርታቸው ጋር በፊደል ሳይቀር መግጠም አለበት።

የልደት ቀንም ያሳስታል። እናት ጥር 1 ቀን 1950 ዓ.ም. ከተወለዱ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 9 ቀን 1958 ነው። ከጥር መግቢያ በኋላ ለተወለደ ሰው ስምንት ዓመት ይደመራል፤ ሰባት የደመረ ጸሐፊ በአንድ ዓመት ያዛንፈዋል። ወደ እንግሊዝኛ ከተተረጎመ በኋላ እያንዳንዱን ቀን ከፓስፖርቱ ጋር ያመሳክሩ።

ሦስተኛው፣ እናት እንደሚመለሱ የሚያሳየው ማስረጃ ነው። ለገጠር እናት ይህ የባንክ ሒሳብ ብቻ አይደለም። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የጡረታ ደብተር፣ አገር ቤት የቀሩ የባለቤታቸው ወይም የልጆቻቸው ወረቀቶች ሁሉ ይረዳሉ። ቪዛ ሲከለከል ከሚጻፉት ምክንያቶች አንዱ «ለመመለስ ያለዎት ፍላጎት አጠራጣሪ ነው» የሚለው ስለሆነ ይህን ክፍል በችኮላ አይለፉት።

ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

እናት ሚያዝያ 1 ፍራንክፈርት እንዲገቡ ከተፈለገ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እንቁጠር። 45 ቀን ሲቀነስ የካቲት 16 ይሆናል። ፓስፖርት ለመመለሻና ትኬት ለመቁረጫ አንድ ሳምንት ስንጨምር የካቲት 9 ላይ እንደርሳለን። ይህ ማመልከቻው የሚገባበት የመጨረሻው ቀን ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ በመሆኑ በሩ የሚከፈተው ጥቅምት 1 ነው።

ስለዚህ መስከረም ላይ የፓስፖርትና የልደት ወረቀቱ ስም ይመሳከር። ጥቅምት እንደገባ ቀጠሮ ይያዝ፤ ቀጠሮ መጠበቁ ከ45 ቀኑ ውጭ ነው። ኅዳር ላይ የግዴታ መግለጫው ይፈረምና ይላክ፤ ትርጉሙም ይለቅ። ታኅሣሥ ላይ እናት አሻራ ለመስጠት ራሳቸው አዲስ አበባ ይምጡ። አባይ በረሃን የሚሻገረው መንገድ የሚዘጋበት ቀን ስላለ በቀጠሮው ዋዜማ ሳይሆን ቀደም ብለው ቢገቡ ይመረጣል። እንዲህ ከሆነ እስከ የካቲት 9 ድረስ ለሚጎድል ወረቀት ትርፍ ጊዜ ይኖራል።

በአንድ ገጽ

- ፓስፖርት፦ ካወጡት 10 ዓመት ያልሞላው፣ ከመመለሻው በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው
- የተፈረመ ማመልከቻ እና 35 በ45 ሚሊሜትር ፎቶ
- የግዴታ መግለጫ፣ ዋናው፦ 29 ዩሮ
- የእህት የልደት ወረቀት፣ የፓስፖርቷና የመኖሪያ ፈቃዷ ኮፒ
- የመመለሻ ማስረጃዎች ከነትርጉማቸው
- ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ዋስትና
- የበረራ ቦታ ማስያዣ (ትኬቱን ቪዛው ሳይወጣ አይግዙ)
- የቪዛ ክፍያ፦ 90 ዩሮ፣ ቢከለከሉም የማይመለስ
- ማመልከቻ ተቀባይ ድርጅት ካለ የአገልግሎት ክፍያ፦ በመደበኛው ከቪዛው ክፍያ ግማሽ፣ ማለትም ከ45 ዩሮ የማይበልጥ

ዋስትናውና ትርጉሙ ሳይቆጠር ድምሩ እስከ 164 ዩሮ ይደርሳል።

ቢከለከሉስ? ጀርመን ኤምባሲው ራሱ ውሳኔውን እንደገና የሚያይበትን የቅሬታ መንገድ ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዘግታለች። የቀረው በአንድ ወር ውስጥ በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ወይም የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ነው። እንደገና ማመልከት ማለት ሌላ 90 ዩሮና ሌላ 45 ቀን ነው። ሕፃኑ ግን ሚያዝያ ላይ መወለዱ አይቀርም። ፎቶው በመጣበት ማታ ቀን መቁጠሪያውን ማውጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።