የኦንላይን ሻጭ ታክስ ከየት ይጀምራል?

በአሜሪካ አንድ ሰው ብቻውን ዕቃ በኦንላይን ለትርፍ መሸጥ ሲጀምር፣ አንድም ፎርም ባይሞላ በሕግ ዓይን የግል ነጋዴ ሆኗል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ምዝገባውንና ታክሱን አንድ አድርገው በማየታቸው ነው። ካልተመዘገቡ ታክስ የለም ይላሉ፤ ግዴታው ግን ምዝገባን አይጠብቅም።

በሜሪላንድ ሆና ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ እያስመጣች በኢንስታግራም የምትሸጥ ሴት ለምሳሌ ትሁን። በራሷ ስም ከሸጠች የንግድ ስም ማስመዝገብ አያስፈልጋትም። ለሱቋ ሌላ ስም ካወጣች ግን ስሙን በስቴቱ ታስመዘግባለች፤ ክፍያው 25 ዶላር ሲሆን ለ5 ዓመት ያገለግላል። ዕቃ አከማችቶ ለሚቸረችር ደግሞ ከሰርኪት ኮርት ጽሕፈት ቤት የነጋዴ ፈቃድ ይወጣል። የሽያጭ ታክስ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ኮምፕትሮለር ነው፤ ክፍያ የለውም። የአሠሪ መለያ ቁጥር የሚባለውም ከአይ.አር.ኤስ. ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል፤ ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ የመንግሥት አይደለም። ኤል.ኤል.ሲ. ማቋቋም ግን ግዴታ አይደለም። በሜሪላንድ በየዓመቱ 300 ዶላር የሪፖርት ክፍያ ስለሚያስከትል፣ በዓመት ጥቂት ቀሚስ ለምትሸጥ ሴት ወጪው ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል።

ታክሱ የሚጀምረው በአንድ ቀን አይደለም። የሽያጭ ታክስ የሚጀምረው ለሜሪላንድ ገዢ ከተሸጠው ከመጀመሪያው ቀሚስ ነው፤ መጠኑ 6 በመቶ ነው። የራስ ሥራ ታክስ፣ ማለትም የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ፣ የሚመጣው የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 400 ዶላር ሲደርስ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው 400 የሚቆጠረው ከሽያጩ ሳይሆን ከትርፉ መሆኑ ነው።

ሴትየዋ በዓመት 60 ቀሚስ በ150 ዶላር ሸጠች እንበል፤ ሽያጩ 9,000 ዶላር ይሆናል። ቀሚሶቹ እስኪደርሱ እያንዳንዳቸው 80 ዶላር ፈጅተዋል፤ ይህ 4,800 ነው። ለፖስታ 900፣ ለማሸጊያና ለክፍያ ኮሚሽን 500 ወጥቷል። የተረፈው 2,800 ዶላር ነው። ከዚህ 92.35 በመቶው ተወስዶ በ15.3 በመቶ ሲሰላ የራስ ሥራ ታክሱ 396 ዶላር ገደማ ይሆናል። የገቢ ግብሩ በቤተሰቡ አጠቃላይ ገቢ መጠን በዚህ ላይ ይታከላል። በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርባት ዕዳ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ እንደሚሆን ከታያት በየሩብ ዓመቱ ቅድሚያ መክፈል ይኖርባታል፤ ተቀጥራ የምትሠራ ከሆነ ግን ከደመወዟ የሚቆረጠውን ከፍ ማድረጉ ይቀላል።

ከ60ው ቀሚስ 35ቱ ወደ ሜሪላንድ አድራሻ ከሄዱ 315 ዶላር የሽያጭ ታክስ ከገዢዎች መሰብሰብ ነበረበት። ይህ ገንዘብ የስቴቱ አደራ እንጂ ገቢዋ አይደለም፤ ሳትጠይቅ ከቀረች ከኪሷ ይወጣል። እንደ ኢትሲ ባሉ የገበያ መድረኮች ሲሸጥ መድረኩ ራሱ ይሰበስባል፤ በኢንስታግራም ተነጋግሮ በዜል ሲከፈል ግን ኃላፊነቱ የሻጯ ነው። ሌሎች ስቴቶች ከሩቅ ሻጭ መጠየቅ የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ የሚሄደው ሽያጭ በዓመት 100,000 ዶላር ሲደርስ ነው።

ይህን ሁሉ ማስላት የሚቻለው መዝገብ ሲኖር ብቻ ነው። ለሱቁ የተለየ የባንክ ሂሳብ መክፈት የሥራውን ግማሽ ይጨርሳል። ለእያንዳንዱ ሽያጭ ቀኑ፣ ዋጋው፣ የገዢው ስቴት፣ የተሰበሰበው ታክስና የተከፈለበት መንገድ በአንድ መስመር ቢጻፍ ይበቃል። የሚያስቸግረው የሽሮ ሜዳው ደረሰኝ ነው፤ በእጅ የተጻፈ፣ በብር የተቆጠረ፣ አንዳንዴም ቀን የሌለው ነው። ገንዘቡ በተከፈለበት ቀን ምንዛሪ ወደ ዶላር ተቀይሮ ከሐዋላው ወረቀት ጋር ቢያያዝ ማስረጃ ይሆናል። ሳይሸጥ ዓመቱን የተሻገረ ቀሚስ ደግሞ በአብዛኛው የሚቀነሰው በሚሸጥበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የቀረውን ቆጥሮ መጻፍ ያስፈልጋል።

የክፍያ ድርጅቶች ለአይ.አር.ኤስ. የሚልኩት 1099-ኬ የተባለው ወረቀት በፌዴራል ደረጃ የሚወጣው ከ20,000 ዶላርና ከ200 ግብይት በላይ ሲሆን ነው፤ ሜሪላንድን ጨምሮ አንዳንድ ስቴቶች ከዚህ በእጅጉ ዝቅ ያለ መጠን አላቸው። ዜል ደግሞ ጭራሽ አይልክም። ወረቀቱ አልመጣም ማለት ገቢው አይታወጅም ማለት አይደለም። ሲመጣም የሚያሳየው ኮሚሽንና ተመላሽ ያልተቀነሰበትን ጠቅላላ ድምር በመሆኑ፣ መዝገብ ያልያዘ ሰው ያላተረፈው ገንዘብ እንደ ትርፍ ሊቆጠርበት ይችላል።

ሰነዱ ቢያንስ 3 ዓመት ይቀመጣል፤ ለሜሪላንድ የሽያጭ ታክስ 4 ዓመት ነው። ማሳወቂያ ፈጽሞ ያላስገባ ሰው ግን ስንትም ዓመት ቢያልፍ ከመጠየቅ አያመልጥም።