ወደ መርሳ ለሚመጣ አዲስ ባልደረባ የሚላክ ደብዳቤ

የቅጥር ደብዳቤ የሥራውን መደብና የደመወዙን ልክ ይናገራል እንጂ መንገድ አይመራም። ማኅተም አለው፥ ቁጥር አለው፥ ግልባጭ የሚደርሳቸው መሥሪያ ቤቶች ስም ከግርጌው ተደርድሮበታል። ነገር ግን ተቀጣሪው ሰኞ ጧት የትኛውን በር እንዲያንኳኳ አይነግረውም። ስለዚህ በወረዳ መሥሪያ ቤት ከሚጻፉት ወረቀቶች ሁሉ ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ የሚቀረው፥ ከተጻፈ ግን ብዙ ድካም የሚያስቀረው አንድ ሌላ ደብዳቤ አለ። እርሱም አዲሱ ባልደረባ ከመምጣቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ በኢሜይል የሚላክለት የአቀባበል ደብዳቤ ነው። አንባቢ ሆይ፥ እርስዎ ዛሬ ተማሪ ቢሆኑ ነገ ይህን ደብዳቤ ተቀባይ ነዎት፤ ሥራ ከጀመሩ ሁለትና ሦስት ዓመት ቢሆንዎ ደግሞ አለቃዎ ጠርተው «አንተ ጻፍለት» የሚሉት እርስዎን ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ አንዲት ወጣት እናስብ። በሰብል ልማት ተመርቃለች፥ አገሯ ጎጃም ነው፥ የተመደበችውም በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። ሥራ የምትጀምርበት ቀን ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው እንበል።

የመጀመሪያው ችግር የሚነሣው ከመናኸሪያው ነው። በምደባ ወረቀቷ ላይ «ሀብሩ» የሚል ተጽፏል፤ ሀብሩ ግን የወረዳው ስም እንጂ አውቶቡስ የሚቆምበት ከተማ አይደለም። የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ነው፤ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዲስ አበባና በመቀሌ አውራ ጎዳና ላይ ይገኛል። ከደሴ በኩል የሚመጣ ሰው ሐይቅንና ውጫሌን፥ ቀጥሎም ውርጌሳን አልፎ መርሳን የሚያገኘው ወልድያ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ይህን ያልተነገረው እንግዳ ግን ተሳፋሪው ሁሉ «ወልድያ» ሲል ሰምቶ እስከ መጨረሻው ተጉዞ፥ እንደ ገና የመመለሻ ይከፍላል። የእኛ ወጣት ከባሕር ዳር በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ስለምትመጣ ለእርሷ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ወልድያ ትወርድና ከዚያ ወደ ደቡብ በሚሄድ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ደብዳቤ ጻፊው ስለዚህ «መርሳ ይምጡ» ብሎ መተው አይገባውም፤ እንግዳው ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ መንገዱን ከዚያ ጀምሮ ይጻፍለት።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ስንል ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ሌላ ነው። ጸሓፊው በኢሜይሉ የቀጠሮ መያዣ ውስጥ 2:30 ብሎ ቢያስገባ፥ ቀጠሮው በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 8፡30 ወይም ከቀኑ 8፡30 ሆኖ ይመዘገብና የእንግዳው ስልክ በዚያው ሰዓት ይጮኻል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ኅዳር 8 በኮምፒዩተሩ ላይ 17/11/2025 ሆኖ ይታያል። እንግዲህ በቀጠሮ መያዣው ውስጥ የኮምፒዩተሩን አቈጣጠር፥ በደብዳቤው ውስጥ ደግሞ «ከጧቱ 2፡30» ብሎ የእኛን መጻፍ ይበጃል፤ ሁለቱ አብረው ሲታዩ ስሕተት ቢኖር እንኳ ተቀባዩ ያስተውለዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የደመወዝ ጉዳይ ነው። አዲስ ሰው ይህን ለመጠየቅ ያፍራል፤ ነባሩም ሳይጠየቅ አይናገርም። ፔሮል ወሩ ከማለቁ ቀደም ብሎ ይዘጋል። በምሳሌያችን የኅዳር ፔሮል ኅዳር 15 ቀን የሚዘጋ ቢሆን፥ ወጣቷ የሥራ መጀመሪያ ደብዳቤዋን፥ የባንክ ሒሳብ ቁጥሯንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯን አሟልታ ለማቅረብ አንድ ሳምንት ብቻ አላት። ከደረሰች ከኅዳር 8 እስከ ኅዳር 30 ያለው የ23 ቀን ደመወዝ ይታሰብላታል። የወር ደመወዟ 9000 ብር ቢሆን የቀኑ 300 ብር፥ የ23 ቀኑ 6900 ብር ነው፤ ከዚህም ላይ 7 በመቶው፥ ማለት 483 ብር፥ ለጡረታ ይቀነሳል፤ የሥራ ግብሩም ከዚያ ይከተላል። ካልደረሰች ግን ገንዘቡ አይጠፋባትም፤ ከታኅሣሥ ደመወዝ ጋራ ተደምሮ ይመጣል። ነገር ግን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ 53 ቀን አለ፤ የቤት ኪራይና ቀለብ 53 ቀን አይጠብቁም። ይህን አስቀድማ ብታውቅ ከቤተሰቦቿ የምትይዘውን ስንቅ በዚያው ልክ ታደርገው ነበር። ብዙ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር ዕዳ ውስጥ የሚገባው አባካኝ ሆኖ ሳይሆን ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው።

ደመወዙ ሲዘገይ ወዴት ይኬዳል? ብዙው እንግዳ ወደ ወልድያ ይሮጣል፤ ዞኑ በላይ ነውና ከላይ መፍትሔ ይገኛል ብሎ ያስባል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀት በጥቅል ለወረዳዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግን የወረዳን ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፍለው የወረዳው የራሱ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ነው። ዞኑ ይደግፋል፥ ይከታተላል፥ ሪፖርት ይቀበላል እንጂ የእርሷ ስም የተጻፈበት ፔሮል በእጁ የለም። ወልድያ ሄዳ የምትሰማው መልስ «መርሳ ጠይቂ» የሚል ነው፤ አንድ የሥራ ቀንና የደርሶ መልስ የመኪና ኪራይ በከንቱ ይሄዳል። በመርሳም ቢሆን በር መለየት አለ። ብዙ ጽሕፈት ቤቶች አንድ የሒሳብ ክፍል በጋራ ስለሚጠቀሙ (ሠራተኛው «ፑል» ይለዋል) ገንዘብ ያዡ ያለው ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ውጭ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደብዳቤውን እንመልከተው። ከላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው፤ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እንኳን ደኅና መጡ። ሰኞ ኅዳር 8 ቀን ከጧቱ 2፡30 በመርሳ ከተማ በጽሕፈት ቤታችን እንጠብቅዎታለን። ከባሕር ዳር ሲመጡ ወልድያ ወርደው ወደ መርሳ የሚሄድ ሚኒባስ ይያዙ፤ እሑድ ቀን ሳይመሽ ቢገቡ ይሻላል። የምደባ ደብዳቤዎን፥ የትምህርት ማስረጃዎን ዋናውንና ኮፒውን፥ መታወቂያዎን፥ የባንክ ደብተርዎንና ጉርድ ፎቶግራፍ ይያዙ። ቆላው ወባ ያለበት ስለ ሆነ አጎበር አይርሱ።

«ሰኞ በመጀመሪያ የሚያገኙት የሰው ሀብት ባለሙያውን ነው፤ የሥራ መጀመሪያ ደብዳቤ ይጽፉልዎታል። ኮፒውን ራስዎ ይዘው ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና የፔሮል ሠራተኛዋን ያነጋግሩ። የዚህ ወር ፔሮል ኅዳር 15 ይዘጋል፤ ካለፈዎት የመጀመሪያውን ደመወዝ የሚያገኙት በታኅሣሥ መጨረሻ ነውና ስንቅዎን በዚያ ልክ ያድርጉ። ማክሰኞ ንብረት ክፍል ዕቃ ይረከባሉ። ረቡዕና ሐሙስ ከሰብል ቡድን መሪው ጋራ ወደ ቀበሌ ይወጣሉ፤ ጊዜው የአጨዳ ነውና ጫማዎ ለእርሻ መሬት የሚሆን ይሁን። ዓርብ የምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለ ሆነ ጉዳይ ካለዎት ጧት ይጨርሱ።

«ስለ ሥራዎ የሚጠይቁት የቡድን መሪውን ነው፤ እርሳቸው መስክ ከወጡ በዕድሜ የሚቀድሙትን የቡድኑን ባለሙያ። ስለ መኪና የስምሪት ኃላፊውን። የኪራይ ቤት ለማግኘት ከጽሕፈት ቤቱ ጸሓፊ ከእትዬ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ማንን እንደሚጠይቁ ያላወቁትን ነገር ሁሉ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትን እኔን ይጠይቁኝ።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ልብ ይበሉ። ያለ እርሷ ደብዳቤው የስም ዝርዝር ብቻ ነው። ከየሥራ መደቡ አጠገብም ስምና የስልክ ቁጥር ይጻፍ፤ ሰው ይዛወራል፥ መደቡ ግን ይቀራልና ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ የሚጠየቀው ሰው አንድ ይሁን። «ሁላችንም እንረዳዎታለን» የሚለው ቃል ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን እንግዳው በየቢሮው እየዞረ ማንንም ሳይጠይቅ ይውላል።

ስለ ንብረት ክፍሉ ጥቂት ልጨምር። ዕቃ የሚጠየቀው በሞዴል 20፥ የሚወጣው በሞዴል 22 ነው። በሞዴል 22 ላይ የፈረመ ሰው ለዕቃው ተጠያቂ ነው። አንዳንዴ የለቀቀው ባለሙያ ይሠራበት የነበረ ኮምፒዩተር ወይም ሞተር ብስክሌት «ያው የእርስዎ ነው» ተብሎ በቃል ይሰጣል፤ ወረቀቱ ሌላ ቀን ይደርሳል ይባላል። ወረቀቱ ሲመጣ ቻርጀሩ ወይም መለዋወጫ ጎማው ተጽፎበት ይገኛል፥ ዕቃው ግን የለም። የዚህ ዋጋ የሚታወቀው ሠራተኛው ሲዛወር ክሊራንስ በሚጠይቅበት ቀን ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር በዕቃው ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋራ አንድ በአንድ አመሳክሮ፥ ያላዩትን አስሰርዞ መፈረም ይገባል። በደብዳቤውም ውስጥ «ያላዩትን ዕቃ አይፈርሙ» የምትል ቃል ብትገባ ንብረት ክፍሉን የሚያስቀይም ነገር የለውም።

ደብዳቤው ተጽፎ አለቀ እንበል። ይደርሳል ወይ? በየመሥሪያ ቤቱ ገና ብዙ ሰው በጥንቱ በፓወር ግዕዝ ፊደል ይጽፋል። ያ ፊደል በጸሓፊው ኮምፒዩተር ላይ ያማረ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ በተቀባይዋ ስልክ ላይ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ ራስ ስልክ ልኮ መክፈት ነው። ከተበላሸ እንደ ኒያላ ባለ በዩኒኮድ በተሠራ ፊደል እንደ ገና መጻፍ ያስፈልጋል፤ የፊደሉን ስም ብቻ መለወጥ አይበቃም።

ኢንተርኔትም ሁልጊዜ አይታመንም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የተላከ ኢሜይል ስልክ ላይ ሳይደርስ ይቀር ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ስልክ ደውሎ «ደረሰዎት?» ማለት፥ ካልደረሰም ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የፔሮሉን መዝጊያና አንድ የስልክ ቁጥር በአጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ይገባል። አንዱ ኮፒ ታትሞ በጸሓፊዋ ጠረጴዛ ላይ፥ አንዱም ዘበኛው ዘንድ ይቀመጥ። ዘበኛው የእንግዳዋን ስምና የመምጫዋን ቀን አስቀድመው ካወቁ በሩ ላይ «ምን ፈልገሽ ነው?» በማለት ፈንታ «ግቢ ልጄ፥ ይጠብቁሻል» ይሏታል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሰው ሀብት ባለሙያው ወጣቷን ጠርተው ደብዳቤውን አብረው ያንብቡት። በየትኛው በር ቆማ እንደ ዋለች፥ የትኛው ስልክ እንደማይነሣ፥ የትኛው ሰው ወደ ወልድያ እንደ ተዛወረ ከእርሷ የበለጠ ያስተዋለ የለም። የተሳሳተውን በእስክሪብቶ ታርመው፤ ከእርሷ በኋላ ለሚመጣው የሚላከው ያ የታረመው ነው።