ከማዕድ ሳይርቁ ልክን መጠበቅ፦ በምግብ ቤትና በድግስ ካሎሪው የሚደበቀው የት ነው?

ቡናው ተለቅሞና ደርቆ ገበያ ከወጣ በኋላ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የግብዣው ወቅት ይከተላል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት ወይም ከሰቃ ለጉዳይ ወደ ጅማ የገባ ገበሬ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ከወዳጆቹ ጋር ምሳ ይቀመጣል፤ የከተማው ነዋሪ ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ሁለት የሠርግ ጥሪ ይደርሰዋል። በሐኪም ምክርም ሆነ በራሱ ፈቃድ ክብደቱን ለመቀነስ የወሰነ ሰው ውሳኔው የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው። በቤቱ የሚበላውን ያውቃል፤ ዘይቱን የሚጨምረውም ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው። ከቤት ውጭ ግን ድስቱ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ሳህኑም የጋራ ነው።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ። ወይ ከጥሪው ይቀራሉ፣ ወይም “ዛሬ ተበላሽቷል” ብለው ልኩን እርግፍ አድርገው ይተዉታል። ሁለቱም አስፈላጊ አይደሉም። የአንድን ምሳ ሒሳብ በሚገባ የመረመረ ሰው ልኩን የሚያልፈው በሥጋው ወይም በወጡ ብዛት እንዳልሆነ ይረዳል። የሚያሳልፈው ማንም የማይቆጥራቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ዘይትና ቅቤ፣ ሳይጠየቅ የሚጨመር እንጀራ፣ እንዲሁም ስኳር ያለበት መጠጥ።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚገኝበት በኪቶ ፉርዲሳ የሚኖሩና አብዛኛውን ቀን ተቀምጠው የሚሠሩ ሁለት ባልንጀሮች ምሳ ሊበሉ ወጡ እንበል። እያንዳንዳቸው ለቀኑ የያዙት ልክ 2,000 ካሎሪ ነው። አንድ ጥብስና አንድ ፍርፍር አዘዙ። አስተናጋጁ በተጨማሪ ሁለት እንጀራ አመጣ። ለስላሳ ጠጡ፤ በመጨረሻም ሁለት ሁለት ሲኒ ቡና፣ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምረው ጠጡ።

አሁን እንቁጠር። ጥብሱ የተሠራው ከ200 ግራም ጮማ ያልበዛበት ቀይ ሥጋ ቢሆን ሥጋው 300 ካሎሪ ገደማ አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል፤ ንጥር ቅቤም ከዚህ አይርቅም። ጠባሹ ሦስት ማንኪያ ካፈሰሰ 360 ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ሰው በጥብሱ የሚፈራው ሥጋውን ነው፤ የሚበልጠው ግን ሥጋው የተጠበሰበት ዘይት ነው። ሁለቱ ተደምረው 660 ይሆናሉ።

እንጀራው አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ ውሃው ቢቀር የሚተርፈው ደረቅ ክፍል 110 ግራም ያህል ነው፤ ይህም በግምት 440 ካሎሪ ይሰጣል። ፍርፍሩ አንድ እንጀራና ሦስት ማንኪያ ዘይት ከገባበት 800 ይደርሳል። ፍርፍር ሲታሰብ እንጀራን በእንጀራ ጠቅልሎ መብላት ነው፤ ልማዱ ስለሆነ እንጂ ሒሳቡ ከሌላው ወጥ ጋር አንድ አይደለም። ለብቻው የመጣው ሁለት እንጀራ ደግሞ 880 ነው። የሳህኑ ጠቅላላ 2,340 ሲሆን ለእያንዳንዳቸው 1,170 ይደርሳል። በዚህ ላይ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 125፣ በሁለት ሲኒ የገባው አራት ማንኪያ ስኳር ደግሞ 64 ይጨምራል። ድምሩ 1,360 ገደማ ነው። ቁርስና እራት ሳይቆጠሩ ከቀኑ ልክ ከሁለት ሦስተኛው በላይ በአንድ መቀመጫ አለቀ።

እነዚሁ ሰዎች በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቦታ ተቀምጠው ትእዛዛቸውን ጥቂት ቢለውጡስ? ጥብሱን “ዘይቱን ቀንሱልን” ብለው በአንድ ማንኪያ ቢያሠሩት 420 ይሆናል። በፍርፍሩ ምትክ ጎመን ቢያዙ፣ አንድ ተኩል ማንኪያ ዘይት ገብቶበት እንኳ ከ230 አይበልጥም። “መጀመሪያ አንድ ተኩል እንጀራ ይምጣ” ቢሉ 660 ነው። የሳህኑ ድምር 1,310፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 655 ይሆናል። በለስላሳው ፋንታ አምቦ ውሃ ቢጠጡና በየሲኒው አንድ ማንኪያ ስኳር ብቻ ቢጨምሩ ምሳቸው ከ690 አያልፍም። ጥብሱ አልቀረም፤ ቡናው አልቀረም፤ ጨዋታውም አልቀረም። የቀረው ሌላ ቀን አንድ ሙሉ ምሳ የሚያህል 670 ካሎሪ ነው። እነዚህ ቁጥሮች እንደ እንጀራው ስፋትና እንደ ወጥ ሠሪው እጅ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ከመካከላቸው የትኛው ትልቁን ድርሻ እንደሚይዝ ግን ብዙም አይቀያየርም።

ከዚህ ተነሥቶ የማዘዣው ደንብ አጭር ነው። አንድ የሥጋ ምግብ ለጋራ፣ ከጎኑ አንድ አትክልት፣ እንጀራው በቁጥር ተነግሮ፣ መጠጡ ውሃ። እንጀራውን በቁጥር መናገር ከሁሉ ይልቃል፤ ምክንያቱም በጋራ ማዕድ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ የሚታወቅበት ሌላ ምልክት የለም። ተጠቅልሎ በተቆረጠ እንጀራ ሲቀርብ አንድ እንጀራ ስንት ጥቅልል እንደወጣው አስተናጋጁን መጠየቅና የራስን ድርሻ አስቀድሞ ከፊት ማስቀመጥ ይቻላል። ወጡ የፈሰሰበት የታችኛው እንጀራም ይታሰብ። በጣም የሚጣፍጠው እርሱ ነው፤ የድስቱን ዘይት የመጠጠውም እርሱ ነው። ሌላውን ያልቀነሰ ሰው ቢያንስ ይህን ሊተወው ይችላል።

ዘይቱ መብዛቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። ወጡ ሲቀመጥ ዳር ዳሩን የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከሠራ፣ ወይም ሸክላው ሲዘነበል ቅባቱ ለብቻው ከፈሰሰ በዝቷል። ስሙ ግን አያታልል። “ደረቅ ጥብስ” መባሉ መረቅ የሌለው መሆኑን እንጂ ዘይት ያነሰበት መሆኑን አያመለክትም። የጾም ምግብም እንዲሁ ነው፤ ሥጋና ቅቤ ስለሌለው ብቻ ቀላል አይሆንም፤ ዘይት በበዛበት ተጋቢኖ ላይ የሚገኘው ካሎሪ ከጥብሱ ሊስተካከል ይችላል። ክትፎ የሚያዝዝ ሰው ቅቤው እንዲቀነስለት ሥጋው ከመለወሱ በፊት መናገር አለበት፤ ከቀረበ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም።

ስለ ጭማቂ ቤቶችም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ አቮካዶና ማንጎ በሞላበት በዚህ አካባቢ ሰው ለጤናው ብሎ የሚገባው ወደዚያ ነውና። ግማሽ አቮካዶ፣ ማለትም 100 ግራም ያህሉ፣ 160 ካሎሪ አለው፤ መልካም ምግብም ነው። ነገር ግን በብርጭቆው ውስጥ ስኳርና ቪምቶ ሲታከሉበት መጠጥ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ምግብ ይሆናል። “ስኳርም ቪምቶም አይግባ፣ ሎሚ ይጨመርበት” ማለት ይበቃል። ከምሳ በኋላ ሳይሆን በምሳ ፋንታ ቢጠጣም የተሻለ ነው።

የቡናው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ስኳር ያልገባበት ቡና ከሁለትና ከሦስት ካሎሪ አይበልጥም። አቦል፣ ቶናና በረካን ሦስቱንም በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የጠጣ ሰው ግን ከቡናው ሳይሆን ከስኳሩ 96 ካሎሪ ያገኛል፤ ለቁርስ የቀረበው ቆሎም አንድ እፍኙ ከ100 ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ከምግብና ከመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከአንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ለ2,000 ካሎሪ ይህ 50 ግራም ነው። ሦስቱ ሲኒዎች 24 ግራሙን፣ አንድ ለስላሳ ደግሞ 32 ግራም ያህሉን ሲወስዱ ልኩ ታልፏል።

ድግስ ከምግብ ቤት ይከብዳል። ምግብ ቤት ማዘዝ ይቻላል፤ በድግስ ላይ ግን እንግዳ አያዝዝም። ባለቤቷ “በሞቴ!” ካለች በኋላ ስለ ካሎሪ መናገር ነውር ነው፤ ጉርሻንም መመለስ ቅር ያሰኛል። ስለዚህ የሚሻለው እምቢ ለማለት መዘጋጀት ሳይሆን እሺ ለማለት ቦታ ማስቀረት ነው። ሁለተኛው ዙር እንደማይቀር የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው በግማሽ ይነሣ። ሲጨመር በደስታ ይቀበሉ፤ ባለቤቷም ደስ ይላታል፣ ድምሩም ከአንድ ሙሉ ሳህን አያልፍም። በቡፌ ላይ ሰልፉን ከመግባት በፊት ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞሮ ማየት፣ ከዚያም የሳህኑን ግማሽ በአትክልትና በሰላጣ መጀመር ይጠቅማል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦና እንጀራ አራቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ይበቃል።

መጠጡን በተመለከተ አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ካሎሪ ገደማ አለው። አልኮል በማይቀርብበት ቤት የሚቀዳው ብርዝም ማር ነውና ቀላል አይደለም፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር የገባበት ብርጭቆ ከአንድ ለስላሳ ጋር ይስተካከላል። አንዱን ብርጭቆ ይዞ ቀስ እያሉ መጠጣት፣ ከጎኑም ውሃ ማስቀመጥ ነው። ብርጭቆው እስካልጎደለ ድረስ ቀጂው አይደርስበትም።

እንዲህም ተደርጎ ልኩ የሚታለፍበት ቀን ይኖራል። በሠርጉ ቀን 3,000 ካሎሪ የበላ ሰው ከልኩ 1,000 አልፏል። ልኩ ግን በሳምንት ቢታሰብ 14,000 ነው። ትርፉን በሚቀጥሉት አምስት ቀናት ላይ ቢከፋፍለው በቀን 200 ይደርሰዋል፤ ይህም ከእንጀራው ሩቡን መተውና ከሻይና ከቡናው ስድስት ማንኪያ ስኳር መቀነስ ማለት ነው። ከድግሱ በፊት ሙሉ ቀን ጾሞ መሄድ ግን አያዋጣም፤ የተራበ ሰው ፈጥኖ ይበላል፣ ጥጋቡም የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። ቀለል ያለ ቁርስ፣ ለምሳሌ እንቁላል ወይም ባቄላ፣ በልቶ መሄድ ይበልጣል።

በማግስቱ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ጨምሮ ሊያገኘው ይችላል። ይህ ስብ አይደለም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ለመከማቸት 7,700 ካሎሪ ያህል ትርፍ ይፈልጋል፤ በአንድ ሠርግ አይመጣም። የጨመረው ከጨውና ከእንጀራው ጋር የተያዘ ውሃና ገና ያልተፈጨ ምግብ ነውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ ክብደትን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ጠዋት ምንም ሳይበሉ መለካት ነው። ሦስትና አራት ሳምንት ቁጥሩ ካልተነቃነቀ በመጀመሪያ የሚመረመረው እንጀራው ሳይሆን ዘይቱና መጠጡ ይሁን።

ይህ ሁሉ ክብደት መቀነስ ለሚያስፈልገው ሰው የተነገረ ነው። 2,000 የተባለውም ለምሳሌው እንጂ ለሁሉም አይደለም። በለቀማው ወራት ከማለዳ እስከ ማታ ተዳፋት ላይ የሚውልና ጆንያ የሚሸከም ገበሬ የሚያስፈልገው ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል፤ ለእርሱ የሚያሳስበው ለቀማው ካበቃ በኋላ ሥራው ቀንሶ ሳህኑ እንደቀድሞው ሲቀጥል ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ልጆችም ምግብ መቀነስ የለባቸውም። ለስኳር ሕመም መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ የምግቡን መጠንም ሆነ ሰዓት ከመለወጡ በፊት የሚከታተለውን ባለሙያ ያማክር፤ መድኃኒቱን ወስዶ ግብዣው እስኪቀርብ ሳይበላ መጠበቅ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብና መደናገር ከተሰማው ልኩን ትቶ ወዲያውኑ ስኳር ያለበት ነገር መውሰድ አለበት፤ በዚያ ሰዓት ለስላሳው ትክክለኛው ትእዛዝ ነው።