ስዊዝ ድልድል፦ ብዙ ተጫዋች፣ ጥቂት ዙር

ለአንድ የቼዝ ውድድር 100 ሰው ተመዝግቦ ያለው ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው እንበል። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጫወት ቢባል 99 ዙር ያስፈልጋል። በጥሎ ማለፍ ከሆነ ደግሞ ግማሹ ሰው አንድ ጨዋታ ተጫውቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስዊዝ ድልድል መፍትሔው ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ላይ በተካሄደ የቼዝ ውድድር ተጀመረ፤ ስሙንም ያገኘው ከአገሩ ነው።

ሕጉ ሁለት ነገር ነው፤ በየዙሩ በተቻለ መጠን እኩል ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ፣ አንዴ የተገናኙ ደግሞ ዳግም አይገናኙም። በቼዝ የተሸነፈ አይባረርም። በካውንተር ስትራይክ ትልልቅ ውድድሮች ግን ሦስት ያሸነፈ ቡድን ያልፋል፣ ሦስት የተሸነፈ ይሰናበታል።

በስምንት ተጫዋቾችና በሦስት ዙር እንየው። በችሎታ ደረጃቸው ከ1 እስከ 8 ቁጥር ተሰጣቸው። መጀመሪያ ዝርዝሩ ለሁለት ይከፈልና የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ጋር ይጋጠማል፦ 1 ከ5፣ 2 ከ6፣ 3 ከ7፣ 4 ከ8። 1፣ 2 እና 3 አሸነፉ፤ 8 ቁጥርም ሳይጠበቅ 4ን ረታ። በሁለተኛው ዙር አሸናፊዎቹ እንደገና ለሁለት ተከፍለው 1 ከ3፣ 2 ከ8 ተገናኙ፤ ተሸናፊዎቹም 4 ከ6፣ 5 ከ7። 1፣ 8፣ 4 እና 5 አሸነፉ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ የያዙት 1 እና 8 ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ተገናኙ፣ 1 አሸነፈ። 2 ደግሞ 4ን፣ 5 ደግሞ 3ን፣ 6 ደግሞ 7ን አሸነፉ። 1 ቁጥር በሦስት ነጥብ አንደኛ ሆነ።

ሁለተኛው ማን ነው? 8፣ 2 እና 5 እያንዳንዳቸው ሁለት ነጥብ አላቸው። እዚህ ላይ ቡክሆልዝ የሚባለው ስሌት ይመጣል፤ የገጠሟቸው ሰዎች ያገኙት ነጥብ ይደመራል። 8 የገጠማቸው 4፣ 2 እና 1 በድምሩ 6 ነጥብ አላቸው። የ2 እና የ5 ተጋጣሚዎች ድምር ግን 4፣ 4 ነው። ስለዚህ የደረጃው መጨረሻ የነበረው 8 ሁለተኛ ወጣ፤ የሚገባውም ነው፣ ከባዱን መንገድ የሄደው እሱ ነውና። 2 እና 5 ግን እርስ በርስ አልተገናኙም፤ በዚህ ስሌትም አይለዩም። የስዊዝ ድክመት ይኸው ነው፤ አንደኛውን በደንብ ያወጣል፣ መሐል ላይ ያለው ደረጃ ግን ያን ያህል አያስተማምንም።

ከሁሉ የሚከፋው ጥፋት ውጤት ገልብጦ መመዝገብ ነው፤ ቀጣዩ ድልድል በሙሉ ይዛባልና። የነጥብ ድምር ይህን አያጋልጥም፤ ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው ተቀንሷልና ድምሩ እንዳለ ይቆያል። በእኛ ምሳሌ ከየዙሩ በኋላ 4፣ 8 እና 12 መሆን ያለበት ድምር የሚያሳየው ያልተመዘገበን ወይም ሁለቴ የተመዘገበን ውጤት ብቻ ነው። የተገለበጠውን የሚይዙት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። ስለዚህ አዘጋጆች፣ ውጤቱን ከሁለቱም አስፈርሙና ቀጣዩ ዙር ሳይጀመር ለጥፉ፤ እኩል ነጥብ በምን እንደሚለይም ከመጀመሪያው ዙር በፊት አሳውቁ።