40 በመቶ ትርፍ ምን ይነግረናል? ለግብይት ዴስክ ስለተጻፈ አንድ የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ገጽ የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ያተኮረ ነው። ጸሐፊው በፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወጣት ሲሆን፣ ያመለከተውም በአንድ ባንክ የትሬዠሪ መምሪያ ውስጥ ለጀማሪ ዲለርነት ነው። ደብዳቤው እንደተለመደው በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ አቀርበዋለሁ። በፈቃዱ የማነብ ቢሆንም ማንነቱን የሚገልጽ ነገር ሁሉ አውጥቻለሁ።

እንዲህ ያለ የሥራ መደብ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተመራቂዎቻችን ብዙም ትርጉም አልነበረውም። የብር ምንዛሪ ዋጋ በብሔራዊ ባንክ በሚወሰንበት ጊዜ የባንክ ዲለር ዋና ተግባር የተሰጠውን ዋጋ ማስፈጸምና ወረፋ ማስተናገድ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ባንኮች የውጭ ምንዛሪ ዋጋን ከደንበኞቻቸውና እርስ በርሳቸው ተደራድረው እንዲወስኑ ተፈቀደ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን በይፋ ጀመረ። ስለዚህ ዋጋ የሚያወጣ፣ የሚገዛና የሚሸጥ፣ ለትርፉም ለኪሳራውም መልስ የሚሰጥ ሰው ተፈላጊ ሆኗል።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። የመጀመሪያው አንቀጽ አመልካቹ ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚወድና ጫናን የሚቋቋም መሆኑን ይገልጻል። ይህ ለየትኛውም ሥራ የሚጻፍ ስለሆነ አልቆይበትም። የደብዳቤው ልብ ሁለተኛው አንቀጽ ነው። «በዩሮና በዶላር የልምምድ ሂሳብ ላይ በሦስት ወር ውስጥ 40 በመቶ ትርፍ አስመዝግቤያለሁ» ይላል። ጸሐፊው ይህ ዐረፍተ ነገር በር ይከፍትልኛል ብሎ ያምን ነበር። በግብይት ዴስክ የኖረ ሰው ግን ሲያነበው የሚያስበው ሌላ ነው፤ «ይህን ትርፍ ለማግኘት ምን ያህል ለአደጋ አጋለጠ?» ብሎ ይጠይቃል። ደብዳቤው ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

መልሱን ለማግኘት የግብይት መዝገቡን ይዞ እንዲመጣ ጠየቅሁት፤ አብረንም አሰላነው። የልምምድ ሂሳቡ መነሻ 10,000 ዶላር ነበር። በሦስቱ ወራት 36 ጊዜ ተገበያይቷል፤ በእያንዳንዱም የያዘው 100,000 ዩሮ ነው፤ ማለትም ከመነሻ ገንዘቡ ከአሥር እጥፍ በላይ። በዚህ መጠን፣ በተለምዶ ፒፕ የሚባለው የዋጋው አራተኛ አሥርዮሽ አንድ እርምጃ ሲንቀሳቀስ ሂሳቡ በ10 ዶላር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ዋጋው 50 ፒፕ ሲቃወመው ግብይቱ በራሱ እንዲዘጋ የኪሳራ ማቆሚያ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን 50 ፒፕ በ10 ዶላር ሲባዛ 500 ዶላር ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ በእያንዳንዱ ግብይት የመነሻ ገንዘቡን 5 በመቶ ለአደጋ ያጋልጥ ነበር ማለት ነው።

ከ36ቱ ግብይቶች 21ዱ በኪሳራ ተዘግተዋል፤ እያንዳንዳቸው 50 ፒፕ፣ በድምሩ 1,050 ፒፕ። 15ቱ አትርፈዋል፤ በድምሩ 1,450 ፒፕ። ልዩነቱ 400 ፒፕ ወይም 4,000 ዶላር ነው። 40 በመቶው የመጣው ከዚህ ነው፤ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ውሸትም የለበትም። ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት አምስት ኪሳራዎች ተከታትለው ደርሰዋል። ሂሳቡ ከ10,400 ዶላር ወደ 7,900 ዶላር ወረደ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ 24 በመቶ ጠፋ ማለት ነው። ማንኛውም የአደጋ ሥጋት ተቆጣጣሪ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ሲያይ ዲለሩን ከዴስኩ ያስነሳዋል። የኋለኛው ትርፍ ሳይመጣ ወጣቱ ከሥራው በተነሣ ነበር።

ቀጥሎ አንድ ቀላል ነገር እንዲሞክር ነገርኩት፤ ያንኑ መዝገብ በ20,000 ዩሮ እንዲያሰላው። አሁን አንድ ፒፕ 2 ዶላር ሆነ፤ አንድ ኪሳራ 100 ዶላር፣ ማለትም የመነሻ ገንዘቡ 1 በመቶ ሆነ። ያው 400 ፒፕ 800 ዶላር ያስገኛል፤ ትርፉ 8 በመቶ ነው። ያው አምስት ተከታታይ ኪሳራ ሂሳቡን ከ10,080 ወደ 9,580 ዶላር ያወርደዋል፤ 5 በመቶ ገደማ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ያው ነው፣ ውሳኔዎቹም ያው ናቸው። 40 በመቶው ከ8 በመቶው የተለየ ችሎታን አያሳይም፤ የሚያሳየው የተለየ መጠንን ብቻ ነው። ትርፍ ከደረሰበት ከፍተኛ ቁልቁለት ተነጥሎ ሲጻፍ የሚነግረን ጸሐፊው ምን ያህል እንደደፈረ እንጂ ምን ያህል እንደሚያውቅ አይደለም።

መዝገቡ ሌላም ነገር ገለጠልን። ካተረፉት 15 ግብይቶች ሁለቱ እያንዳንዳቸው 200 ፒፕ አስገኝተዋል። እነዚህን ሁለቱን ብናወጣ የሦስቱ ወራት ውጤት ዜሮ ይሆናል። ሁለቱም የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ሪፖርት በወጣባቸው ቀናት ክፍት የነበሩ ናቸው። እንዲህ ባለው ቅጽበት ዋጋ ደረጃ በደረጃ አይሄድም፤ ይዘላል። በእውነተኛ ገበያ በ50 ፒፕ እንዲዘጋ የታዘዘው ግብይት በ70 ወይም በ80 ፒፕ ሊዘጋ ይችላል፤ የልምምድ ሂሳብ ግን ብዙውን ጊዜ በታዘዘው ዋጋ እንደተዘጋ አድርጎ ይመዘግባል። ስለዚህ 36 ግብይት፣ ከዚያም ውስጥ ሁለቱ ሁሉን የወሰኑበት መዝገብ፣ ለችሎታ ማረጋገጫ የሚበቃ ናሙና አይደለም። ወጣቱ ይህን ሲያይ አንቀጹን ጨርሶ ሊሰርዘው ፈለገ። እኔ ግን እንዳይሰርዘው መከርሁት፤ ዴስኩ ማንበብ የሚፈልገው በትክክል ይህንኑ ስለሆነ።

ምክንያቱን ለመረዳት የ1995ቱን የባሪንግስ ባንክ ውድቀት ማስታወስ ይበቃል። በ1762 የተመሠረተው ይህ የለንደን ባንክ የወደቀው በሲንጋፖር ቅርንጫፉ ይሠራ የነበረው ኒክ ሊሰን ኪሳራውን ቁጥሩ 88888 በሆነ ሂሳብ ውስጥ ደብቆ በማቆየቱ ነው። ግብይቱንም የግብይቱን ምዝገባና ርክክብም የሚመራው እርሱ ራሱ ስለነበር ለረጅም ጊዜ ያየው አልነበረም፤ በመጨረሻም ኪሳራው 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ዲለር የሚመርጥ ሰው የሚፈራው የሚከስር ወጣት አይደለም፤ ሁሉም ይከስራልና። የሚፈራው ኪሳራውን በዚያው ቀን የማይናገረውን ነው። ኪሳራውን በማመልከቻው ላይ በቁጥር የሚያስቀምጥ አመልካች ለዚህ ሥጋት የመጀመሪያውን መልስ ሰጥቷል።

አንቀጹ እንደገና ሲጻፍ የሚከተለውን መልክ ያዘ፤

«በሦስት ወር ውስጥ በልምምድ ሂሳብ 36 ጊዜ ተገበያይቻለሁ፤ 15ቱ አትርፈዋል፣ 21ዱ ከስረዋል። በእያንዳንዱ ግብይት የሂሳቡን 5 በመቶ አጋልጬ 40 በመቶ አትርፌያለሁ፤ ነገር ግን በመካከሉ 24 በመቶ ወርጃለሁ። ይህ መጠን ተገቢ ስላልነበረ መዝገቡን በ1 በመቶ አጋላጭነት ደግሜ አስልቼዋለሁ፤ ትርፉ 8 በመቶ፣ ከፍተኛው ቁልቁለት 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ትርፉ በሙሉ የመጣው ከሁለት ግብይቶች በመሆኑ ውጤቱን እንደ ችሎታ ማስረጃ አልቆጥረውም። የእያንዳንዱን ግብይት ምክንያት የጻፍሁበትን መዝገብ ሲጠየቅ አቀርባለሁ።»

ይህ አንቀጽ ከቀድሞው ያነሰ ቁጥር ይዞ የበለጠ ይናገራል። አንባቢው እያንዳንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማመሳከር ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የልምምድ ሂሳብ ምንም ገንዘብ የማይንቀሳቀስበት መሆኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። የውጭ ምንዛሪን ከአገር ማውጣት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተገደበ ስለሆነ፣ በእውነተኛ ገንዘብ በውጭ መድረክ ተገበያየሁ ብሎ ለባንክ የሚጽፍ ሰው ስለ ትርፉ ከመጠየቁ በፊት «ገንዘቡ በምን መንገድ ወጣ?» ተብሎ ይጠየቃል።

የመጨረሻው ጉድለት በሦስተኛው አንቀጽ ነበር። «ይህንኑ ስልት በባንክዎ የዶላርና የብር ግብይት ላይ እተገብራለሁ» ይል ነበር። ይህ ዐረፍተ ነገር ጸሐፊው የሚገባበትን ገበያ እንዳላጤነው ያሳያል። የኪሳራ ማቆሚያ ትእዛዝ የሚሠራው በማንኛውም ሰዓት ገዥና ሻጭ በሚገኝበት ገበያ ነው። የብር ገበያ ግን ጠባብ ነው። አንድ ባንክ ከቡና ላኪ 1 ሚሊዮን ዶላር ገዛ እንበል። ዶላሩ ሳይሸጥ ዋጋው በአንድ ብር ቢወርድ ባንኩ 1 ሚሊዮን ብር ያጣል፤ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ትእዛዝም አያድነውም፤ በዚያች ሰዓት የሚገዛ ላይኖር ይችላልና። እዚህ መከላከያው ሌላ ነው፤ የትኛው አስመጪ መቼ ክፍያ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ፣ ሳይሸጥ የሚያድረውን የዶላር መጠን ከካፒታል አንጻር በተቀመጠው ገደብ ውስጥ መጠበቅ፣ ዋጋ ሲሰጡም በመግዣና በመሸጫ መካከል ለዚህ ሥጋት የሚበቃ ልዩነት መተው ነው።

ስለዚህ አንቀጹ «የተማርሁት ስልት እዚህ የት ላይ እንደማይሠራ ተረድቻለሁ» በሚል ሐሳብ ተተካ፤ ይህንኑ የቡና ላኪና የአስመጪ ምሳሌም በሦስት መስመር አብራራ። ለጀማሪ የሚጠበቀው ይህ ነው። ገበያውን አሸንፋለሁ እንዲል ማንም አይጠብቅም፤ ዴስኩ ገንዘብ የሚያገኝበትንና የሚያጣበትን መንገድ ለይቶ እንዲያውቅ ግን ይጠበቃል።

የእንዲህ ዓይነቱ ደብዳቤ አቅም ውስን ነው። ጸሐፊው ገንዘብ በእጁ ሲሆንና ኪሳራ ሲደራረብበት እንዴት እንደሚወስን አያረጋግጥም፤ ያንን የሚያሳየው ዴስኩ ራሱ ነው። ደብዳቤው የሚያደርገው የቃለ መጠይቁን የመጀመሪያ ጥያቄ መምረጥ ነው። ይህ ወጣት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ መጀመሪያ የተጠየቀው ስለ 40 በመቶው ትርፍ አልነበረም፤ ስለ አምስቱ ተከታታይ ኪሳራዎች ነበር፤ «ከሦስተኛው በኋላ መጠኑን ለምን አልቀነስህም?» ተባለ። መልሱን በጽሑፍ አስቀድሞ አስቦበት ነበርና ሳይደናገጥ መለሰ። እናንተም መዝገባችሁን ስታዘጋጁ ከዚህ ጥያቄ ጀምሩ።