ወዲያው የሚገባና ደጅ የሚጠና

ዕለቱ ሰኞ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025። የጃቫስክሪፕት ፕሮግራመሮች ዝግጁ የኮድ ክፍሎችን የሚያወርዱበት ኤንፒኤም የተባለ የበይነ መረብ መጋዘን አለ። በዚያ መጋዘን ውስጥ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ 18 የታወቁ ፓኬጆች አዲስ ዕትም ወጣላቸው። ከእነዚህ አንዱ `debug` ይባላል። ሥራው ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ በየደረጃው ምን እያደረገ እንደሆነ ለሠሪው ይጽፍለታል። የዕትም ቁጥሩ ከ4.4.1 ወደ 4.4.2 ከፍ አለ። የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ስትቀየር በሙያው ልማድ ትርጉሙ «ትንሽ ስሕተት አርመናል፣ ሳትሰጉ ውሰዱት» ነው።

የሚያሰጋ ነገር ግን ነበረበት። የፓኬጆቹ ባለቤት ከኤንፒኤም የተላከ የሚመስል ኢሜይል ደርሶት ነበር። የመግቢያ መረጃውን በሐሰተኛው ገጽ ላይ ሞላ፤ አጥቂዎቹም መለያውን ያዙ። በስሙ ያወጡት ዕትም በድረ ገጽ ጎብኚው ብራውዘር ውስጥ አድፍጦ፣ ሰው ዲጂታል ገንዘብ ሲልክ የተቀባዩን አድራሻ በሌቦቹ አድራሻ የሚተካ ኮድ ይዟል። 18ቱ ፓኬጆች በድምር በሳምንት ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርዱ ናቸው። ደግነቱ ቶሎ ተነቃና የተበከሉት ዕትሞች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከመጋዘኑ ተነሡ። በዚያ ሰኞ የተጣደፈ ለአደጋ ተጋለጠ፣ የዘገየ ተረፈ።

ታዲያ መዘግየት ይሻላል? ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። በማርች 2017 አፓቺ ስትራትስ በተባለው የጃቫ ማዕቀፍ ላይ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ተገኘ። ማስተካከያው ማርች 7 ቀን ወጣ። ኢኩዊፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት ግን አንዱን ሥርዓቱን ሳያድስ ቀረ፤ ባደረገው ፍተሻም ክፍተቱ የትኛው ሥርዓቱ ላይ እንዳለ አላገኘውም። አጥቂዎች በሜይ አጋማሽ ገቡ። ድርጅቱ የነቃው ጁላይ መጨረሻ ላይ ነበር። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የግል መረጃ ተዘረፈ። እዚህ ላይ ደግሞ የዘገየው ነው የተጎዳው።

ሁለቱ ታሪኮች የሚጋጩ ይመስላሉ። የሚያስታርቃቸውን ለማየት በመጀመሪያ ማሻሻያዎቹን የሚያመጣውን ቦት እንወቀው።

ቦቱ ምን ያደርጋል?

ወጥ የምትሠራ ሴት በርበሬውንም ዘይቱንም ራሷ አታመርትም። ፕሮግራመርም እንዲሁ ነው። አንድ ተራ ድረ ገጽ በመቶዎች በሚቆጠሩ የሌሎች ሰዎች ፓኬጆች ላይ ሊቆም ይችላል። እነዚህ ጥገኝነት ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸውም በየጊዜው አዲስ ዕትም ያወጣሉ። ይህን ሁሉ ሰው በእጁ ሊከታተል አይችልም።

ስለዚህ ሥራው ለቦት ተሰጠ። በጊትሀብ የሚገኘው ዲፔንዳቦትና ሬኖቬት የታወቁት ናቸው። ቦቱ የፕሮጀክቱን የጥገኝነት ዝርዝር ያነባል፤ ከመጋዘኑ ጋር ያስተያያል፤ አዲስ ዕትም ሲያገኝ ቁጥሩን ለውጦ «ይህን ልቀበል ወይ?» የሚል ጥያቄ ያቀርባል። ይህ ጥያቄ ፑል ሪኩዌስት ይባላል። ጥያቄው እንደቀረበ የፕሮጀክቱ ሙከራዎች በራሳቸው ይሠራሉ፤ ካለፉ አረንጓዴ ምልክት፣ ከወደቁ ቀይ ይታያል። ሰው አይቶ ሲቀበለው መርጅ ሆነ ይባላል። ኢኩዊፋክስን ያቃተው «ይህ ነገር የት የት አለን?» የሚለው ጥያቄ ዝርዝሩ በትክክል ለተያዘለት ቦት የሰኮንዶች ሥራ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ቦቱ ያመጣል፣ አይፈርድም። ዛሬ የሚገባውንና ደጅ የሚጠናውን የሚለየው ሰው ነው።

አራት ጥያቄ በአንድ ጠዋት

የአውቶቡስ ትኬት በበይነ መረብ የሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት እናስብ። ድርጅቱ ምናባዊ ቢሆንም የማነሣቸው ዕትሞች እውነተኛ ናቸው፤ በተለያየ ጊዜ የወጡትን በአንድ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጣቸው።

የመጀመሪያው ኔክስት ጄኤስን ከ15.2.2 ወደ 15.2.3 እንድናሳድግ ይጠይቃል። ከሥሩ CVE-2025-29927 የሚል የክፍተት መለያ ተጽፏል። በማርች 2025 ይፋ የሆነው ይህ ክፍተት እንዲህ ነው፦ አጥቂው በሚልከው ጥያቄ ላይ `x-middleware-subrequest` የሚል ራስጌ ከጨመረበት፣ «ይህ ሰው ገብቷል ወይስ አልገባም?» ብሎ የሚመረምረው ክፍል ጨርሶ ሊዘለል ይችላል። ድርጅታችን ድረ ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ ያስኬዳል፤ የአስተዳዳሪውን ገጽ የሚጠብቀውም በዚያው ክፍል ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ያለ የይለፍ ቃል ሊገባበት ይችላል። መመርመር ያለበት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የክፍተቱ ማስታወቂያ በኔክስት ጄኤስ ባለቤቶች ገጽ ላይ በእርግጥ አለ ወይ፣ እኛ የተጎዳውን ክፍል እንጠቀማለን ወይ፣ ሙከራው አልፏል ወይ። ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ዛሬውኑ፣ ከምሳ በፊት ይገባል። ክፍተቱ ይፋ ከሆነ ደቂቃ ጀምሮ የሚያነበው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ሌባውም ያነበዋል።

ማስታወቂያው በሌላ ቦታ ይረጋገጥ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2023 አጥቂዎች በተሰረቁ ቁልፎች እየገቡ፣ የራሳቸውን ኮድ ዲፔንዳቦት የላከው አስመስለው በብዙ ፕሮጀክቶች ውስጥ አስገብተዋል። ከቦቱ ስም የመጣ ሁሉ ከቦቱ አልመጣም።

ሁለተኛው ኤክስፕረስን ከ4 ወደ 5 ይወስዳል። የመጀመሪያዋ ቁጥር ስትቀየር ሠሪዎቹ «የድሮው አካሄድ የማይሠራበት ቦታ አለ» ማለታቸው ነው። በኤክስፕረስ 5 ለምሳሌ፣ ያልታወቀ አድራሻን ሁሉ ለመያዝ ብዙ ሰው የሚጽፈው `*` ብቻውን አይሠራም፤ `/*splat` በሚል ዓይነት ስም ሊሰጠው ይገባል። ይህ የጥድፊያ ሥራ አይደለም። አንድ ሰው ግማሽ ቀን መድቦ የለውጡን ዝርዝር ያነባል፣ ኮዱን ያስተካክላል፣ ከዚያ ያስገባዋል። ደጅ ይጥና፤ ግን ቀን ይቆረጥለት። የጊዜ ገደብ የሌለው ትልቅ ማሻሻያ እየተቆለለ ይሄድና፣ የደኅንነት ማስተካከያ በአዲሱ ዕትም ላይ ብቻ የሚወጣበት ቀን ይመጣል።

ሦስተኛው ኮድን በሥርዓት የሚያስተካክል፣ ደንበኛው ዘንድ ጨርሶ የማይደርስ የፕሮግራመር መሣሪያ ነው። ብዙዎች «ይህስ ምን ያመጣል?» ብለው ሳያዩ ያስገቡታል። በጁላይ 2025 ግን `eslint-config-prettier` የተባለ እንዲህ ያለ ፓኬጅ ተበክሎ ነበር፤ ፓኬጁ ሲጫን ብቻ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ጎጂ ፋይል ያስነሣ ነበር። የፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ደግሞ የሰርቨሩ ቁልፍ ሁሉ ያለበት ነው።

አራተኛው ያ የሰኞው `debug` 4.4.2 ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ባለቤቱም የታወቀ ነው። ሙከራውስ? በጥቃቱ የተጠቀሙበት ኮድ `fetch` የተባለ ተግባር ይጠራ ስለነበር፣ ተግባሩ በሌለበት አሮጌ የኖድ ዕትም ላይ ግንባታው ስሕተት አሳይቶ ቆሟል። ተግባሩ ባለበት አዲስ ዕትም ላይ ግን የሚያስቆመው አልነበረም። ሙከራ የሚመልሰው «የምንፈልገው ነገር ይሠራል ወይ?» የሚለውን ነው፤ «የማንፈልገው ነገር ተጨምሯል ወይ?» የሚለውን አይመልስም። አረንጓዴው ምልክት የጤና የምስክር ወረቀት አይደለም።

ሰባት ቀን

ሦስተኛውንና አራተኛውን የሚያስተናግዳቸው አንድ ቀላል ደንብ ነው፦ የደኅንነት ምክንያት ያልተጻፈበት አዲስ ዕትም ከወጣ ሰባት ቀን ሳይሞላው አይገባም። በዚያ ሳምንት የደኅንነት ድርጅቶች አዳዲስ ዕትሞችን በራሳቸው መሣሪያ ይፈትሻሉ፤ እንደ ሰኞው ያለ የመለያ ስርቆትም ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይጋለጣል። ሳምንቱን ጠብቆ ሙከራውን ያለፈ ትንሽ ማሻሻያ በራሱ መርጅ ቢሆን አያስቆጭም።

በዲፔንዳቦት ይህ ሁሉ `.github/dependabot.yml` በተባለ ፋይል ይጻፋል፦

```yaml
version: 2
updates:
  - package-ecosystem: "npm"
    directory: "/"
    schedule:
      interval: "weekly"
    cooldown:
      default-days: 7
    groups:
      small-updates:
        patterns: ["*"]
        update-types: ["minor", "patch"]
```

`cooldown` የሚለው የመቆያ ቀኑን ይወስናል። ይህ መቆያ የሚሠራው በተራ ማሻሻያ ላይ ብቻ ነው፤ የደኅንነት ማሻሻያ በፕሮጀክቱ ቅንብር ውስጥ ለብቻው ሲበራ ሰባት ቀኑን ሳይጠብቅ ይመጣል። የኢኩዊፋክስና የ`debug` ታሪኮች የሚታረቁት እዚህ ላይ ነው። `groups` ደግሞ ትናንሾቹን በሳምንት አንድ ጥያቄ አድርጎ ያመጣቸዋል። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም። በቀን አሥር ጥያቄ የሚመጣለት ሰው በሁለተኛው ሳምንት ማንበብ ትቶ «ተቀበል» የሚለውን ብቻ ይጫናል፤ ያን ጊዜ የኔክስት ጄኤሱ ማስጠንቀቂያም በግርግሩ መካከል ይቀራል።

ደንቡ ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው፣ ቦቱ በር ላይ ሲጠብቅ በጓሮ የሚገባ መኖሩ ነው። የቁልፍ ፋይሉ፣ ማለትም `package-lock.json`፣ ከኮዱ ጋር ካልተቀመጠ፣ `npm install` ሲባል ማንንም ሳይጠይቅ የዕለቱን አዲስ ዕትም ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ በሰርቨር ላይ `npm ci` ይባል፤ እርሱ በቁልፍ ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ይጭናል። ሁለተኛው፣ ሳምንት የማይበቃው ጥቃት መኖሩ ነው። በ2024 ኤክስዜድ በተባለው የሊኑክስ ፋይል መጭመቂያ ውስጥ የተደበቀው ምሥጢራዊ በር የመጀመሪያው የተበከለ ዕትም ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ ነው የተገኘው፤ ያገኘውም ወደ ሰርቨር መግቢያው በግማሽ ሰኮንድ ያህል መዘግየቱን ያስተዋለ አንድ መሐንዲስ ነበር። እንዲህ ያለውን መቆያ ብቻውን አይዘውም።

እንግዲህ ፍርዱ ቁጥሩን አይቶ አይደለም፣ ምክንያቱን አይቶ ነው። የታወቀና የሚነካን ክፍተት የሚዘጋ ዛሬ ይገባል፤ አሠራር የሚለውጥ ሰውና ቀን ይመደብለታል፤ አዲስ ስለሆነ ብቻ የመጣው ሳምንቱን ደጅ ይጠናል። በዚያ ሰኞ ይህን ደንብ ይዞ የነበረ ቦት 4.4.2ን ጨርሶ አላቀረበውም፤ ከ4.4.1 ቀጥሎ ያመጣው ንጹሑን 4.4.3 ነው።